የድጋፍ ግንቤ በስሌት የመንሸራተት ፍተሻውን አላለፈም፤ የፊቱን አፈር ልቁጠረው?

ሰላም ለሁላችሁ። ተዳፋት ላይ ላለ ግቢ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ እየሠራሁ ነው። ከመሠረቱ ግርጌ እስከ አናቱ 4 ሜትር ነው፤ አናቱ 0.6፣ ግርጌው 2 ሜትር ስፋት አለው። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ያዘነበለ ነው።

የጀርባው ሙሌት ደረቅ አሸዋማ አፈር ሲሆን ክብደቱን 18 ኪሎኒውተን በሜትር ኩብ፣ የፍሪክሽን አንግሉን 30 ዲግሪ ወሰድኩ። በራንኪን የአክቲቭ ኮፊሸንቱ 1/3 ስለሚሆን በአንድ ሜትር ርዝመት ግፊቱ 48 ኪሎኒውተን ነው። የግንቡ ክብደት 119.6 ወጣ። ለመገልበጥ ሴፍቲ ፋክተሩ 2.4 ነው። ከመሠረቱ ስር ያለው ከፍተኛ ግፊት 104 ኪሎፓስካል ሲሆን የተፈቀደልኝ 150 ነው። እስከዚህ ደህና ነው።

ችግሩ መንሸራተት ላይ ነው። በ0.5 ፍሪክሽን 59.8 ለ48 ሲካፈል 1.25 ብቻ ይሆናል፤ የምፈልገው 1.5 ነው። ግርጌውን ወደ 2.4 ሜትር ሳሰፋው 1.44 ደረሰ። ከዚያ በላይ የጎረቤት ድንበር አያስኬድም።

ስለዚህ ከመሠረቱ ስር 50 ሳንቲሜትር የሚወርድ ሺር ኪይ አሰብኩ። ከኪዩ ፊት ያለው አፈር መንሸራተቱን የሚቃወምበት ፓሲቭ ግፊት ብቻ 6.75 ኪሎኒውተን ጨምሮ 1.58 ያደርሰኛል። ነገር ግን ግንቡ ፊት ለፊት እስከ መሠረቱ ግርጌ የሚወርድ የጎርፍ ቦይ ሊቆፈር ነው፤ ከቦዩ ወለል በላይ ያለውን አፈር ስለዚህ አልቆጠርኩም። የቀረው ግን በዝናብ ይርሳል፣ ቦዩ ሲጠረግም ሊቆፈር ይችላል።

ይህን 6.75 ልመንበት ወይስ ፓሲቩን ጨርሶ ትቼ የመሠረቱን ግርጌ ወደ ጀርባ ዝቅ አድርጌ ላዘንብለው?