ከማኅበሩ ገንዘብ 12,000 ዶላር በዊል ስልት ይሥራ ስለሚለው ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ሰላማዊት (ጸሐፊ)

ውድ አባላት፣ ባለፈው እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንገናኝ ወንድማችን ብርሃኑ ያነሣውን ሐሳብ በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ። ማኅበራችን ካለው 48,000 ዶላር ውስጥ 12,000 ያህሉ ለአንድ ዓመት በዊል ስልት ይሥራ የሚል ነው። አካሄዱ እንደሚከተለው ነው። ብንይዘው የማንጸጸትበት ኩባንያ እንመርጣለን። ከገበያው ትንሽ ዝቅ ባለ ዋጋ 100 አክሲዮን ለመግዛት ቃል የምንገባበትን ፑት እንሸጥና መግዣውን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ አስይዘን እንጠብቃለን። ዋጋው ካልወረደ ፑቱን ስንሸጥ የተቀበልነው ክፍያ፣ ፕሪሚየሙ፣ የእኛ ሆኖ ይቀራል። ከወረደ አክሲዮኑን እንረከባለን፣ በላዩም ኮል፣ ማለትም አክሲዮኑን በተወሰነ ዋጋ ከእኛ የመግዛት መብት፣ እንሸጣለን። ዋጋው ሲወጣ አክሲዮኑ ይወሰድና እንደገና ወደ ፑት እንመለሳለን።

የረቂቁ አንቀጽ ሁለት እንዲህ ይላል፦ «ንዑስ ኮሚቴው በየወሩ ቢያንስ 1 በመቶ ፕሪሚየም እንዲሰበስብ ይጠበቃል።» እስከ ዓርብ ድረስ አስተያየታችሁን ጻፉ።

ብርሃኑ

በራሴ ገንዘብ አሥራ አራት ወር ሠርቼበታለሁ፤ ከአሥራ ሦስቱ ወር ፕሪሚየም ሰብስቤአለሁ። ገንዘባችን ባንክ ተኝቶ ከሚውል እንዲህ ቢሠራ ይሻላል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ አክሲዮኑን ከተረከብንበት ዋጋ በታች ኮል አለመሸጥ። ይህን ካከበርን የምንከስርበት መንገድ አይታየኝም። ዋጋው ቢወርድም እስኪመለስ ፕሪሚየም እየበላን እንጠብቃለን።

እትዬ አስቴር

ልጄ ብርሃኑ፣ ተባረክ። እኔ የገባኝ ገንዘቡ የተያዘ ነው የሚለው ነው። የተያዘ ከሆነ ባንክ እንዳለ ተቀማጭ በመንግሥት ዋስትና አለው ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ እኔ እስማማለሁ፤ የዕቁቤንም እጨምርበታለሁ።

ሂሩት

እትዬ አስቴር፣ የዕቁብዎን ገንዘብ እባክዎ አይንኩት። ገንዘቡ የተያዘው ለእኛ ሳይሆን ለወዲያኛው ወገን ነው። ፑቱን የገዛው ሰው አክሲዮኑን ሲያመጣብን የምንከፍለው እንዳናጣ ነው የሚያዘው። የመክፈል አቅማችን ይረጋገጣል እንጂ ለከፈልንበት ዕቃ ዋጋ ማንም ዋስ አይሆነንም።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ ፑትና ኮል በሚገበያዩበት በኦፕሽን ሥራ ላይ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ፤ ስልቱንም አልጠላውም። ነገር ግን ኪሳራው የሚገባበት በር በረቂቁ ላይ የለም፤ ስለዚህ አንድ ጉዳይ ከነቁጥሩ ላሳያችሁ። የአክሲዮኑ ዋጋዎች በገበያው የታዩ ናቸው፤ ፕሪሚየሞቹን ግን እኔ በግምት አስቀምጫቸዋለሁ።

ኢንቴል በ2024 ክረምት የዊል ሠሪዎች ተወዳጅ አክሲዮን ነበር፤ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ስሙ ትልቅ፣ ትርፍ ከፋይም ነበር። በጁላይ መጨረሻ በ31 ዶላር ገደማ ይሸጣል። አንድ ሰው በ30 ዶላር፣ ኦገስት አጋማሽ ላይ የሚያበቃ ፑት ሸጦ 120 ዶላር ተቀበለ እንበል፤ 3,000 ዶላር አስያዘ። ኦገስት 1 ማታ ኩባንያው የሩብ ዓመት ውጤቱን አወጣ፤ 15,000 ያህል ሠራተኛ እንደሚቀንስና የትርፍ ክፍያውንም እንደሚያቋርጥ ተናገረ። በማግሥቱ ዋጋው 26 በመቶ ወርዶ 21 ዶላር ተኩል ገደማ ዋለ። ሰውዬው ከቀናት በኋላ 21 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን በ30 ተረከበ።

እስካሁን የሆነው የሚታይ ኪሳራ ነው፤ አክሲዮኑን ገዝቶ የያዘውም ሰው ደርሶበታል። ድብቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የብርሃኑን ሕግ ካከበረ ኮሉን በ30 ወይም ከዚያ በላይ መሸጥ አለበት። 21 ላይ የቆመ አክሲዮን በአንድ ወር 30 ይደርሳል ብሎ የሚከፍል ሰው ጥቂት ስለሆነ የሚያገኘው ሳንቲም ነው። በአምስት ወር 60 ዶላር ሰበሰበ እንበል። በተያዘው 3,000 ላይ ሲሰላ 2 በመቶ ነው፤ በዚያው ጊዜ የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ በዓመት ከ4 እስከ 5 በመቶ፣ በአምስት ወር ማለት ያንኑ 2 በመቶ ገደማ፣ ይከፍል ነበር።

በጃንዋሪ መጨረሻ 2025 ዋጋው 20 አካባቢ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ታክቷል። ከኮሚቴ «በየወሩ 1 በመቶ» የሚል ግዴታ ቢኖርበት ከዚህም ቀድሞ በታከተው ነበር። ስለዚህ እስከ ፌብሩዋሪ 21 የሚቆይ ኮል በ21 ዶላር ሸጦ 90 ዶላር ተቀበለ። በፌብሩዋሪ ኩባንያው ሊከፋፈል ይችላል የሚል ወሬ ተነሣና በ18ኛው ቀን ዋጋው ከ27 አለፈ። በማብቂያው ቀን 25 ገደማ ነበር። አክሲዮኑ በ21 ተወሰደበት።

እንደምረው፦ 3,000 ከፈለ፣ 2,100 ተቀበለ፣ በፕሪሚየም 270 ሰበሰበ፤ 630 ዶላር ከሰረ። መጀመሪያ በ31 ገዝቶ ምንም ሳያደርግ የተቀመጠው ሰው በዚያው ቀን የጎደለው 600 ገደማ ነው፤ እሱ ግን አክሲዮኑ በእጁ ነው። በሴፕቴምበር 18 ቀን 2025 ኤንቪዲያ 5 ቢሊዮን ዶላር አፈስሳለሁ ባለ ዕለት ዋጋው እንደገና ከ30 በላይ ዘጋ። የዊሉ ሰው ቁልቁለቱን ሙሉ ወረደ፤ ዳገቱን ግን 21 ላይ ሸጦት ነበር።

ዳዊት

ሂሩት የጻፍሽው የእኔው ታሪክ ነው፤ የኩባንያው ስም ብቻ ይለያል። እኔ በ52 ተረከብኩ፣ ወደ 38 ወረደ። የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ፤ ዓርብ ጠዋት ከሥራ ስወጣ ስልኬ ላይ የማየው የሳምንቱን ፕሪሚየም ነበር። ሳምንት ያለ ፕሪሚየም ሲያልፍ ሥራ የፈታሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ኮል በ40 ሸጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት 46 ደረሰና ተወሰደ። የሚያሳዝነኝ ግን ማስታወሻዬ ላይ «አሥራ አንድ ተከታታይ ስኬት» ብዬ መጻፌ ነው። ግብር ሳስገባ ነው የከሰርኩትን መጠን ያየሁት።

ብርሃኑ

ዳዊት፣ አዝናለሁ። ግን ሁለታችሁም ያሳያችሁት ሕጉ ሲጣስ የሚሆነውን ነው። የኢንቴሉ ሰው በ21 ባይሸጥ ኖሮ ገና ተስፋ ነበረው። ደግሞስ ለምን አንድ ኩባንያ እንይዛለን? ብዙ ኩባንያ በአንድ ላይ የያዘ ፈንድ ብንመርጥ በአንድ ማታ 26 በመቶ አይወርድም።

ሂሩት

በፈንዱ ጉዳይ ትክክል ነህ፤ ረቂቁ ውስጥ ይግባ። የውጤት ሪፖርት የሚወጣበትን ቀን የሚያቋርጥ ፑት አለመሸጥም ይግባ። ነገር ግን ፈንድ አወራረዱን እንጂ አነሣሡን አያስተካክልልህም። BXM የሚባለው መለኪያ የ S&P 500 አክሲዮኖችን ይዞ በየወሩ ኮል የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚያገኝ ያሰላል። በ2020 ገበያው በማርች ወድቆ ሲነሣ S&P 500 ዓመቱን ከነትርፍ ክፍያው 18 በመቶ ጨምሮ ዘጋ፤ BXM ግን በትንሽ ኪሳራ ነበር። ሲወድቅ አብሮ ወደቀ፤ ሲነሣ በየወሩ ጣራ ተደረገበት።

ሕጉንም በተመለከተ፣ «ከተረከብንበት ዋጋ በታች አንሸጥም» ማለት ኪሳራውን ከመዝገብ ያስቀረዋል እንጂ ከኪሳችን አያስቀረውም። ገበያው እኛ በስንት እንደገዛን አያውቅም። 20 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ይዞ በ21 ኮል መሸጥና ጥሬ ገንዘብ ይዞ በ21 ፑት መሸጥ በውጤታቸው አንድ ናቸው፤ ትርፉም ኪሳራውም ይመሳሰላል። ስለዚህ በተረከብን ዕለት መጠየቅ ያለብን «እስኪመለስ ምን እንብላ?» ሳይሆን «ዛሬ ጥሬ ገንዘብ ቢኖረን በዚህ አክሲዮን እንገባ ነበር?» የሚለውን ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ምናልባት ኮል ሳይሸጡ ዝም ብሎ መያዝ ይሻላል። «አይደለም» ከሆነ መሸጥና መውጣት ነው።

አንቀጽ ሁለት እንዲሰረዝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ወርሃዊ የፕሪሚየም ግዴታ ካለ ኮሚቴው በከፋው ወር ዝቅ ባለ ዋጋ ኮል ለመሸጥ ይገፋል። ዳዊትን የገፋው ያ ነው። በምትኩ በየወሩ መጨረሻ የሚቀርበው ቁጥር ይህ ይሁን፦

```
ውጤት = ጥሬ ገንዘብ
     + (አክሲዮን ብዛት × የዛሬ ዋጋ)
     − የተሸጡ ኦፕሽኖችን ለመዝጋት የሚያስፈልግ
     − መነሻ 12,000
```

አጠገቡ ደግሞ ያው 12,000 በመጀመሪያው ቀን ያንኑ ፈንድ ቢገዛ ስንት ይሆን እንደነበር ይጻፍ። ፕሪሚየም ለብቻው ዓምድ አይሰጠው፤ ጥሬ ገንዘቡ ውስጥ አለ።

ጋሽ መኮንን (ገንዘብ ያዥ)

ልጆቼ፣ እኔ የማየው ከግብሩ በኩል ነው። ማኅበራችን እንደ ሽርክና ነው የሚያስገባው፤ ለእያንዳንዳችን K-1 የሚባለው የግብር ቅጽ ይደርሰናል። የፕሪሚየሙ ትርፍ በአብዛኛው የአጭር ጊዜ ትርፍ ሆኖ እንደ ደመወዝ ነው የሚቀረጠው። ዊሉ ደግሞ በኪሳራ አክሲዮኑ በተወሰደበት ሳምንት እንደገና ፑት ሽጡ ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ያንኑ አክሲዮን መልሰን ከተረከብን የከሰርነውን በዚያን ጊዜ ልንቀንስ አንችልም፤ በአዲሱ መግዣ ላይ ይደመራል። ይህን ሁሉ ማን ይመዘግባል? እኔ ዓይኔም ደክሟል። የመዝገብ ሠራተኛ ክፍያ በወጪ ይታሰብ፤ የተያዘውም ገንዘብ ወለድ የሚከፍል ቦታ መቀመጥ መቻሉን ደላላው በጽሑፍ ያረጋግጥልን።

ብርሃኑ

የመዝገቡን ሥራ እኔ እወስዳለሁ። ዛሬ ማታ የራሴን አሥራ አራት ወር በሂሩት ቀመር አሰላሁት። ፕሪሚየም የሰበሰብኩት 2,140 ዶላር ነው። ውጤቱ ግን 610 ነው፤ የሠራሁበትን ፈንድ ይዤ ብቀመጥ ከዚህ በላይ አገኝ ነበር። ገበያው አሥራ አራት ወር ሙሉ በአንድ ቦታ ቢዋልል ኖሮ እኔ እበልጥ እንደነበር አሁንም አምናለሁ። ግን 12,000 የሚለውን ወደ 6,000 እንድናወርደው ሐሳብ አቀርባለሁ። የምንመርጠው ፈንድ አንዱ አክሲዮን ከ60 ዶላር በታች መሆን አለበት ማለት ነው፤ ምርጫችን ይጠባል።

ሰላማዊት (ጸሐፊ)

የተሻሻለው ረቂቅ፦ መጠኑ 6,000 ዶላር። አንድ ፈንድ ብቻ፣ የግለሰብ ኩባንያ አይገባም። አንቀጽ ሁለት ተሰርዟል፤ በምትኩ የሂሩት ቀመርና ማነጻጸሪያው፣ መነሻቸው 6,000 ሆኖ፣ በየወሩ ይቀርባል። አክሲዮን በተረከብን በሦስት ቀን ውስጥ ኮሚቴው ተሰብስቦ «ዛሬ እንገባበት ነበር?» የሚለውን በድምፅ ይወስናል፤ ውሳኔው እስኪሰጥ ኮል አይሸጥም። መዝገብ ብርሃኑ፣ ተቆጣጣሪ ጋሽ መኮንን።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። ብርሃኑ በድምፁ «እንይዘው» ከተባለ ከተረከብንበት ዋጋ በላይ ኮል ይሸጥ ይላል፤ ሂሩት ምንም አይሸጥ ትላለች። ሁለቱም አማራጮች ለጠቅላላ ስብሰባው ይቀርባሉ።

እትዬ አስቴር

ዕቁቤን አልነካሁትም። ሂሩት፣ ያን የኢንቴል ሒሳብ በትልልቅ ፊደል አትመሽ እሑድ አምጪልኝ። 21 ላይ ለምን እንደሸጠ ገብቶኛል፤ 120ውን ሲቀበል ግን ምን እንደሸጠ ገና አልገባኝም።