የአዳማ ግሪንሃውስ፦ የትኛውን ላስቲክ ላልብሳት?

ጠያቂ፣ አዳማ
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ዳር 8 በ30 ሜትር የሆነች የብረት ቱቦ ግሪንሃውስ አለችኝ፤ ቲማቲም ነው የማመርትባት። ላስቲኩን ስገዛ «5 ዓመት ይቆያል» ተብዬ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተቀዳደደ። አሁን ሁለት ምርጫ አለኝ። አንዱ ጥርት ያለ ባለ 150 ማይክሮን ነው፣ ረከስ ይላል። ሌላው ባለ 200 ማይክሮን፣ ብርሃን የሚበትንና ሌሊት ሙቀት የሚይዝ ነው ይሉታል፤ ዋጋው ግን በጣም ይርቃል። የትኛው ያዋጣኛል?

ግሪንሃውስ ገጣሚ
ወንድሜ፣ 200ውን ውሰድ። የአዳማ ነፋስ ቀጭን ላስቲክ አይምርም፣ ሲያርገበግበው ያድርና ጠዋት ተሰንጥቆ ታገኘዋለህ። እኔ የማየው ውፍረቱን ነው፤ ወፍራም ከሆነ ፀሐዩንም ይችላል።

የአትክልት ባለሙያ፣ ባቱ
ስለ ነፋሱ ልክ ነህ። ፀሐይን የሚያስችለው ግን ውፍረቱ ሳይሆን ውስጡ የተቀላቀለው መከላከያ ነው፤ መከላከያ የሌለው ባለ 200 ማይክሮን ላስቲክ በእኛ ፀሐይ ዓመት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ጠያቂ፣ ሁለት ነገር ንገረን። የተቀደደው ቱቦው ላይ ባረፈበት መስመር ነው ወይስ በሁለት ቱቦ መሀል? መሀሉን ቆርጠህ ስትስበው ይለጠጣል ወይስ እንደ ወረቀት ቀጭ ይላል?

ጠያቂ፣ አዳማ
መጀመሪያ በቱቦው መስመር ነው የሄደው። መሀሉን አሁን ሳብኩት፣ ትንሽ እንኳ አይለጠጥም፣ ይሰበራል።

የአትክልት ባለሙያ፣ ባቱ
እንግዲያው ሁለት ችግር ተደራርቧል። የቱቦው መስመር በጋለ ብረት የተቃጠለ ነው። ቀትር ላይ ብረቱ በጣም ይግላል፣ የነካውን ላስቲክ ከሌላው ቀድሞ ያደርቀዋል። አዲሱን ከማልበስህ በፊት ላስቲኩ የሚያርፍበትን የቱቦ ጀርባ በውሃ የሚቀጥን ነጭ ቀለም ቀባው፣ በደንብ እስኪደርቅም ጠብቅ። በቤንዚን ወይም በቲነር የሚቀጥን ቀለም እንዳትጠቀም፣ ራሱ ላስቲኩን ይበላዋል።

መሀሉ መሰበሩ ግን መከላከያው ማለቁን ነው የሚያሳየው። እዚህ ላይ «5 ዓመት» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ የየት አገር 5 ዓመት? አምራቾች ዕድሜውን በፀሐይ ጉልበት መጠን ይለኩታል፣ መለኪያው ኪሎላንግሌይ ይባላል። ኔዘርላንድ ውስጥ በዓመት የሚወርደው 90 ገደማ ነው። አዳማ ላይ በቀን በአማካይ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት በካሬ ሜትር ስለሚያርፍ የዓመቱ ከ180 በላይ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ 500 የተጻፈለት ላስቲክ እነሱ ዘንድ 5 ዓመት ይዘልቃል፣ አንተ ዘንድ ግን 500 ለ180 ሲካፈል ሦስት ዓመት አይሞላም። ስለዚህ ሻጩን ስንት ዓመት ሳይሆን ስንት ኪሎላንግሌይ ብለህ ጠይቀው። ቁጥሩን ማሳየት ካልቻለ ውፍረቱን አይተህ እንዳትከፍል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ምን ትረጫለህ?

ጠያቂ፣ አዳማ
ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት ለሚመስለው በሽታ በየሳምንቱ ድኝ እረጫለሁ።

የአትክልት ባለሙያ፣ ባቱ
ይኸው የሁለት ዓመቱ ምክንያት። ድኝ ላስቲኩ ላይ ሲከማች መከላከያውን ያከሽፈዋል፤ ክሎሪን ያለባቸው መድኃኒቶችም እንደዚሁ። ለዚህ ነው የዋስትና ወረቀቶች ላስቲኩ የሚችለውን የድኝና የክሎሪን መጠን ለይተው የሚጽፉት፤ ከዚያ ካለፈ ዋስትናው ይቀራል። ድኝ መተው ካልቻልክ ከፍ ያለ ድኝ የሚችለውን ዓይነት ጠይቅ። ስትረጭ ወደ ቅጠሉ አድርገው፣ ጣሪያውና ግድግዳው ላይ እንዳያርፍ። ከረጨህ በኋላም ቶሎ አናፍሰው።

ከሞጆ
እኔ ለጎመን ችግኝ 50 በመቶ አረንጓዴ መረብ ነው የዘረጋሁት፣ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ላስቲክ ለምን አስፈለገህ? መረብ ይቀዘቅዛል፣ ርካሽም ነው።

የአትክልት ባለሙያ፣ ባቱ
ለችግኝህ ይበቃሃል። መረብ ግን ዝናብ አያስቀርም፤ በክረምት የቲማቲም ቅጠል ረጥቦ ካደረ በሽታው በጥቂት ቀን ማሳውን ይጨርሰዋል። 50 በመቶ ብርሃን መቁረጥም ለሚያፈራ ቲማቲም ብዙ ነው።

ግሪንሃውስ ገጣሚ
ብርሃን ከተነሳ፣ ያ የሚበትነው ወተት የመሰለው ላስቲክ ያጨልማል። አንድ ደንበኛዬ አልብሶ ቲማቲሙ ቀጥኖ ወደ ላይ ብቻ ተመዘዘበት።

የአትክልት ባለሙያ፣ ባቱ
ነጭ ቀለም ገብቶበት ከሆነ እውነት ያጨልማል፣ እንደዚያ ዓይነትም ገበያ ላይ አለ። በደንብ የተሠራ በታኝ ላስቲክ ግን የሚያሳልፈው ጠቅላላ ብርሃን ከጥርቱ ብዙም አያንስም፣ ብርሃኑ በሁሉም አቅጣጫ ተሰራጭቶ መግባቱ ነው ልዩነቱ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ይጻፋሉ። ጠቅላላው 85 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ፣ የሚበተነው ደግሞ 50 በመቶ ገደማ ከሆነ ለአዳማ ጥሩ ነው። የአዳማ ሰማይ አብዛኛውን ዓመት ጥርት ያለ ስለሆነ በጥርት ላስቲክ የላይኛው ቅጠልና ፍሬ ይቃጠላል፣ የታችኛው ቅጠል ጥላ ውስጥ ይቀራል።

ራስህ ለመፈተን ቀትር ላይ ናሙናውን ዘርግተህ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አስቀምጥ፤ በላስቲኩና በወረቀቱ መሀል እጅህን ከወረቀቱ ሁለት ስንዝር ያህል አንሳ። የጥላው ጠርዝ ጥርት ብሎ ከታየ ላስቲኩ አይበትንም። ጠርዙ ከደበዘዘና ወረቀቱ ግን ደምቆ ከቀረ የምትፈልገው ነው። ወረቀቱ ራሱ ከደበዘዘ ገጣሚው ያየው ዓይነት ነው።

ውፍረቱንም በሚዛን ታገኘዋለህ። 50 በ50 ሳንቲሜትር ቁራጭ ሲመዘን፣ ባለ 200 ማይክሮኑ 46 ግራም አካባቢ፣ ባለ 150ው 35 አካባቢ ሊሆን ይገባል።

ችግኝ አፍይ፣ ሐዋሳ
ሙቀት ስለሚይዘው ማንም አላነሳም፣ እኔ ልናገር። ቃሪያና ቲማቲም ችግኝ አፈላለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ በተራው ላስቲክ ሥር ሌሊት እየቀዘቀዘ ችግኙ ቆሞ ይቀርብኝ ነበር። ሙቀት የሚይዘውን ካለበስኩ ወዲህ ለገበሬው የምሰጥበት ቀን አይዘገይብኝም። ዋጋው አልቆጨኝም።

የአትክልት ባለሙያ፣ ባቱ
እህቴ፣ ለችግኝ እስማማለሁ። ተራው ላስቲክ ከአፈር የሚወጣውን ሙቀት አብዛኛውን ወደ ሰማይ ያሳልፈዋል፤ ደመና በሌለበት ሌሊት ውስጡ ከውጭው ብሶ የሚቀዘቅዝበት ጊዜም አለ። ሙቀት ያዡ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ያተርፋል። ለአዳማ ቲማቲም ግን የባሰው የቀኑ ሙቀት ነው። ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን አበባው ይረግፋል፣ እሱን የሚያስተነፍሰው የጣሪያና የጎን መክፈቻ እንጂ ላስቲክ አይደለም።

ችግኝ አፍይ፣ ሐዋሳ
ሌሊቱም ከ13 ዲግሪ በታች ከወረደ አበባው ፍሬ አይቋጥርም። አዳማም በታኅሣሥ ይወርዳል። እኔ ብሆን እገዛው ነበር።

የአትክልት ባለሙያ፣ ባቱ
ይወርዳል፣ ስንት ሌሊት እንደሆነ ግን በቦታው ይለያያል። ጠያቂ፣ ቴርሞሜትር አንድ ውስጥ፣ አንድ ውጭ በተክሉ ቁመት ስቀልና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አንብብ። የጎን መክፈቻውን መጋረጃ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝጋ፣ አለበለዚያ ንባቡ ያሳስትሃል።

ጠያቂ፣ አዳማ
እግዜር ይስጥልኝ። ሻጩ ጋ ደወልኩ። ባለ 200ው 600 ኪሎላንግሌይ ነው ይላል፣ ወረቀቱን ነገ ይልክልኛል። ብርሃን የሚበትን ሆኖ ሙቀት የማይዝም አለው፣ ዋጋው በሁለቱ መሀል ነው። ድኝ ይችላል ወይ ስለው «ይችላል» አለኝ፣ ቁጥር ግን አልሰጠኝም።

የአትክልት ባለሙያ፣ ባቱ
600 ከሆነ በአዳማ ፀሐይ ከሦስት ዓመት በላይ ነው፣ ድኙ ካልቀደመው። የድኙን ቁጥር ደረሰኙ ላይ ጽፎ ይፈርምልህ። ካልፈረመ ያንን ቃል አትመንበት።

ጠያቂ፣ አዳማ
በታኙን ልወስድ አዘንብያለሁ። ሙቀት መያዙን ግን የእህታችንን ነገር ሰምቼ ገና አልወሰንኩም፤ ቴርሞሜትሩን ዛሬ ማታ እሰቅላለሁ።