ጥቆማ፦ «ፎቶ ያያል» የተባለ ቦት እውነት ያያል ወይስ የጻፍንለትን ብቻ ነው የሚያነበው? (ጎንደር)

የጥለት ሱቅ፣ ፒያሳ

ሰላም የጎንደር ልጆች። የባህል ልብስ ሱቅ አለን። ደንበኞች በቴሌግራም የጥለት ፎቶ እየላኩ «ይሄ አላችሁ?» ይሉናል። አንድ ልጅ ፎቶውን አይቶ ቀለሙንና የጥለቱን ዓይነት በአማርኛ የሚመልስ የኤአይ ቦት በወር ክፍያ ላስገባላችሁ ብሎናል። ሌላ ሰው ደግሞ የቻትጂፒቲ አካውንት በጋራ ያከራያል። ሁለቱም «ፎቶ ይቀበላል» ነው የሚሉት። ቦቱን ራሱን «ፎቶ ማየት ትችላለህ?» ስንለው «አዎ» ይላል። ብር ሳንከፍል በምን እናረጋግጥ? ከሁለቱስ የቱን ትመክራላችሁ?

የአፄዎቹ ደጋፊ

ይሄማ ቀላል ነው። የግንቡን ፎቶ ላኩና «ይህን የጎንደር ግንብ ማን አሠራው?» በሉት። አፄ ፋሲል ካለ ያያል፣ ካላለ አያይም። አለቀ።

አዘዞ ዲዛይን

የጥለት ፎቶ የሚሠራ ከሆነ የምትፈልጉት ብዙ አለ። «በአረንጓዴና በወርቃማ ጥለት የተጠለፈ ቀሚስ» ብላችሁ ስትጽፉ ሥዕሉን የሚያወጡ አሉ። እኛ ለሰርግ ካርድ እንጠቀምባቸዋለን። የጥልፍ ዝርዝር ላይ ትንሽ ይሳሳታሉ እንጂ ያምራሉ።

የጥለት ሱቅ፣ ፒያሳ

አይ ወንድማችን፣ እንዲሥልልን አይደለም። ደንበኛ የላከውን እንዲያይልን ነው።

ማራኪ፣ ቦት ሠሪ

ሥዕል መሥራትና ሥዕል መቀበል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን የሚችል መሣሪያ ሌላውን ላይችል ይችላል።

የግንቡ ፈተና ላይ ፎቶ መላኩ ልክ ነው፣ ጥያቄው ነው ያበላሸው። «ጎንደር» እና «ግንብ» የሚሉት ቃላት ካሉ ፎቶው ባይደርስም «አፄ ፋሲል» ማለት አያቅተውም። በደንብ የሚያይ ቦት ደግሞ የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ከፋሲል ጋር አምታቶ ሊሳሳት ይችላል፤ ያኔ «አያይም» ብላችሁ በከንቱ ትጥሉታላችሁ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያም እንደዚሁ ነው። መላእክቱ በብዙ ጽሑፍ ስለተወሱ ሳያይ ሊዘረዝራቸው ይችላል።

ቦቱን ራሱን መጠየቅም አያዋጣም። «አዎ» የሚለው ከተማረው ጽሑፍ ተነሥቶ ነው። የሠራው ሰው የፎቶውን መግቢያ ከፍቶ ይሁን ዘግቶ ከቦቱ ጀርባ መልሱን የሚጽፈው ሞዴል በራሱ የሚያውቅበት መንገድ የለም። «አልችልም» የሚል ሆኖ ሳለ የሚያይም አለ።

ቴሌግራም ላይ መታለሉ የሚመጣው እንዲህ ነው። ተራ መልእክት ስትልኩ ለቦቱ `text` በሚባል ቦታ ይደርሰዋል። ፎቶ ስትልኩ ግን ፎቶው በ`photo`፣ ከሥሩ የጻፋችሁት ደግሞ በ`caption` ተለያይተው ይደርሳሉ። ሠሪው ፎቶውን በ`getFile` አውርዶ ለሞዴሉ ካላቀበለ የሚያልፈው ካፕሽኑ ብቻ ነው። «ይህ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ አላችሁ?» ብላችሁ ከጻፋችሁ «በቀይና በአረንጓዴ ጥለት ያማረ ቀሚስ ነው» ብሎ ይመልሳል። ያየ ይመስላል፤ የመለሰላችሁ ግን የራሳችሁን ቃል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ ሳታያይዙ «በላክሁልህ ፎቶ ላይ ያለውን ዘርዝር» በሉት። ፎቶ አልደረሰኝም ካለ ጥሩ ነው። ዝም ብሎ መዘርዘር ከጀመረ ግን ያላየውን የሚናገር መሣሪያ ነውና ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ በትክክል ቢመልስም አትመኑት።

ቀጥሎ አንድ ሰማያዊ ሳህን ላይ ቁልፍ፣ ማበጠሪያና ሎሚ አስቀምጡና በስልካችሁ አንሡት። አብረው የማይገኙ ዕቃዎች መሆናቸው ዋና ነገር ነው። ጀበናና ሲኒ ካደረጋችሁ አንዱን በግምት ካገኘ ሌላውን ከልማድ ይሞላዋል። ፎቶው ላይ ምንም ዓይነት ጽሑፍ እንዳይኖር፣ የካርቶን ማስታወቂያም ቢሆን። ካፕሽኑ ላይ «ዘርዝር» ብቻ ጻፉ። መልሱን ካያችሁ በኋላ ሎሚውን አንሥታችሁ እንቁላል ተኩ፣ ያንኑ «ዘርዝር» ጽፋችሁ እንደገና ላኩ።

የሚያይ ከሆነ ሁለተኛው መልስ ላይ ሎሚው ጠፍቶ እንቁላሉ ይመጣል። ሁለቱም መልሶች ተመሳሳይና ጥቅል ከሆኑ፣ ለምሳሌ «ውብ ፎቶ ነው፣ የተለያዩ ዕቃዎች ይታያሉ» ካለ፣ ፎቶው አልደረሰውም። «በፎቶው ላይ ጽሑፍ አልተገኘም» ካለ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው የገጠማችሁ። ፎቶውን ይቀበላል፣ ግን ፊደል ለቅሞ ለሞዴሉ የሚሰጥ ሌላ ፕሮግራም መሐል ላይ አለ። ለደረሰኝ ሊጠቅም ይችላል። ለጥለት ግን ምንም አይሠራላችሁም፣ ጥለት ፊደል አይደለማ።

የአፄዎቹ ደጋፊ

እሺ ተቀብያለሁ። ግን እኮ ዲፕሲክ ነፃ ነው፣ ፎቶ ማስገቢያ ቁልፍም አለው። ቁልፉ ካለ ያያል ማለት አይደለም?

ማራኪ፣ ቦት ሠሪ

አይደለም። ዲፕሲክ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ስሙ ሲገን ቁልፉ ነበረው፤ ከፎቶው የሚያወጣው ግን ጽሑፍ ብቻ ነበር፣ መስኮቱም ይህንኑ ይናገር ነበር። አሁን በእጃችሁ ያለው የቱ ስሪት እንደሆነ ሳህኑ ይነግራችኋል።

ፊደል ለቃሚውን ከሚያየው የሚለይ አንድ ፈተና ልጨምር። ነጭ ወረቀት ላይ 472፣ 815፣ 360 እና 594 ብላችሁ በትልቁ ጻፉና 360ን በቀይ እስክሪብቶ ክበቡት። «የተከበበው የትኛው ነው?» በሉት። ፊደል ለቃሚ አራቱንም ቁጥሮች ያገኛል፣ ክቡ ግን ጽሑፍ ስላልሆነ አይደርሰውም። ገምቶ የመምታት ዕድሉ ከአራት አንድ ስለሆነ በሌላ ወረቀት ሌላውን ከብባችሁ ድገሙት። ሁለቱንም በግምት የመምታት ዕድሉ ከ16 አንድ ነው። ቁጥሮቹ እኛ በስልክ የምንጽፋቸው ተራ ቁጥሮች ይሁኑ። የግዕዝ ቁጥር ካደረጋችሁ ያልቻለው ማየት ይሁን ማንበብ አይለይላችሁም።

ኮምፒውተር ላብ፣ ቴዎድሮስ ካምፓስ

ማራኪ ያለው ልክ ነው። የሞዴሉን ስም ጠይቆ ማወቅም ይቻላል የሚል ሰው ስለማይጠፋ ግን እሱን ልንካ። ስም ብቻውን አይበቃም። GPT-4 እ.ኤ.አ. ማርች 2023 ሲወጣ ፎቶ እንደሚረዳ ተነግሮ ነበር፣ ቻትጂፒቲ ላይ ፎቶ መላክ የተጀመረው ግን በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። በእነዚያ ወራት ስሙን የሚያውቅ ሰው ይችላል ባለ ነበር።

ሞዴሉ በራሳችሁ ኮምፒውተር ኦላማ በሚባለው ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ ግን መገመት አያስፈልግም፦

```
ollama show gemma3:4b
```

`Capabilities` ከሚለው ሥር `vision` ካለ ሞዴሉ ፎቶ ይቀበላል። `gemma3:1b` ላይ ያንን ቃል አታገኙትም፤ ስሙ ጌማ 3 ቢሆንም ትንሹ ጽሑፍ ብቻ ነው። ቦቱን የሚሸጥላችሁ ልጅ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ነው የማስኬደው ካለ ይህን ገጽ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

የብራና ልጅ

የእኔ ከዚህ ትንሽ ይለያል። የብራና ገጽ እያነሣሁ ለቦት ስልክለት፣ የግዕዙን ጽሑፍ ሲገለብጥልኝ መስመር ይዘላል፣ የሌለ ቃል ይጨምራል። ይህ አያይም ማለት ነው?

ማራኪ፣ ቦት ሠሪ

እሱ ሌላ ነው ወንድሜ። የሳህኑን ፈተና ካለፈ ያያል፣ የእጅ ጽሑፉን ማንበብ ነው ያቃተው። አንድ ነገር ግን ሞክር። ቴሌግራም በተለመደው አላላክ የፎቶውን ረጅም ጎን ወደ 1280 ፒክስል ገደማ ያወርደዋል። ሙሉ ገጽ ሲሆን ፊደሉ ይደቅቃል። ሁለት መስመር ብቻ ቆርጠህ ላከው። ካሻሻለ ችግሩ መጠኑ ነበር።

ኮምፒውተር ላብ፣ ቴዎድሮስ ካምፓስ

በዚህ ላይ አልስማማም። መጠኑ ተስተካክሎም ግዕዝ ላይ የለመደውን ቃል የሚተካ አለ። የተቆረጠው መስመር ቢሻሻል እንኳ የጸዳ ግልባጭ ነው ብዬ አልቀበልም፤ ፊደል በፊደል ማመሳከር ይቀራል።

የጥለት ሱቅ፣ ፒያሳ

ሞከርነው። ፎቶ ሳንልክ ስንጠይቀው አልደረሰኝም አለ፣ ደስ አለን። የሳህኑን አምስት ፎቶ አንድ ላይ ስንልክ ግን ለአንዱ ብቻ መለሰ። ቀጥሎ ፎቶ ልከን በሚቀጥለው መልእክት «ዘርዝር» ስንለው የትኛውን ፎቶ አለን። አያይም እንበል?

ማራኪ፣ ቦት ሠሪ

ገና አትፍረዱ። በአንድ ላይ የተላኩ ፎቶዎች ለቦቱ የሚደርሱት እንደ የተለያዩ መልእክቶች ነው፣ ካፕሽኑም የሚገኘው ከአንዱ ጋር ብቻ ነው። ቃሉን በሚቀጥለው መልእክት ስትጽፉ ደግሞ ያለፈውን የማይዝ ቦት ፎቶውን ረስቶታል። አንድ ፎቶ፣ ቃሉ ካፕሽኑ ላይ፣ እንደ ፎቶ ላኩት። እንደ ፋይል ከላካችሁት በ`document` ስለሚመጣ `photo`ን ብቻ የሚጠብቅ ቦት ያልፈዋል።

ቀኝና ግራ ቢያምታታ ወይም ብዙ ነገር ሲቆጥር ቢስት አትጣሉት። የሚያዩትም በዚህ ይሳሳታሉ። የምትፈርዱት ሎሚው በእንቁላል መተካቱን በማወቁ ነው።

የጥለት ሱቅ፣ ፒያሳ

አንድ በአንድ ላክነው። ሁለቱንም ለየ፣ ክቡንም ሁለት ጊዜ አገኘ። የደንበኛ ጥለት ሱቃችን ውስጥ አንሥተን ስንልክለት ግን ወይን ጠጁን ቀይ አለው። የጋራ አካውንቱስ?

ማራኪ፣ ቦት ሠሪ

እንግዲያው ያያል። ቀለሙ ከሱቃችሁ አምፖል ሊሆን ይችላል። ያንኑ ጨርቅ በር ላይ በቀን ብርሃን አንሥታችሁ አነጻጽሩት። እዚያም ቀይ ካለው ለቀለም አትመኑት፣ ደንበኛውን እናንተ ጠይቁት።

የጋራ አካውንቱን ለእናንተ አልመክርም። ፎቶ ማየቱ ላይ ችግር የለበትም፣ ግን የላካችሁት ሁሉ በንግግር ታሪኩ ውስጥ ስለሚቀመጥ አብሮ የተከራየ ሰው የደንበኞቻችሁን ፎቶ ከፍቶ ያያል። የፎቶ ገደቡንም ሌላው ከጨረሰው በገበያ ቀን መላክ አትችሉም። ቦቱን ውሰዱ፣ የመጀመሪያውን ወር ብቻ ክፈሉ። ልጁ ሞዴሉን በርካሽ ሊቀይረው ስለሚችል በሚቀጥለው ክፍያ ዋዜማ ሳህኑን በሌሎች ዕቃዎች ድገሙት።

አዘዞ ዲዛይን

ቀለሙን ለማወቅ ከጥለቱ ጎን ነጭ ወረቀት አስቀምጣችሁ አንሡ። ወረቀቱ ፎቶው ላይ ቢጫ ከሆነ አምፖሉ ነው።