ዋርፋሪን የሚወስዱ ታካሚ፣ አይኤንአር 4.3፤ ጥርሱን መቼ ልንቀለው?

ሰላም ባልደረቦቼ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። አንዲት እናት የታች መንጋጋ ጥርሳቸው በስብሶ መጥተዋል፤ መነቀል አለበት። ግን ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ስላላቸው ዋርፋሪን ይወስዳሉ። አይኤንአራቸው ወትሮ 3 አካባቢ ነበር፣ ዛሬ 4.3 ወጣ። ለካ ሌላ ቦታ ለእብጠቱ ሜትሮኒዳዞል ታዞላቸው ኖሯል! ከፍ ያደረገው እሱ ይመስለኛል።

ከ4 በታች ቢሆን ዋርፋሪኑን ሳላስቆም እነቅለው ነበር። ማስቆሙን በፍጹም አልፈልግም፤ ቫልቩ ላይ ደም ከረጋ ከድድ መድማት የባሰ ጣጣ ነው። ለልብ ሐኪማቸው ደውዬ ቀጠሮውን ገፋሁት።

አሁን ሜትሮኒዳዞሉ ከቆመ በኋላ አይኤንአሩን በስንት ቀን ልድገመው? ሌላው ደግሞ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው የጄላቲን ስፖንጅ አልቆብኛል፣ ፋርማሲም አጣሁት። ያለኝ የስፌት ክርና የትራኔክሳሚክ አሲድ መርፌ ነው። ባለ 500 ሚሊግራሙን 5 ሚሊ ሊትር አምፑል በ5 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ ባቀጥነው 5 ፐርሰንት ይሆናል፤ ድዱን ሰፍቼ፣ በዚያ የራሰ ጎዝ ጠበቅ አድርገው እንዲነክሱ ላደርግ ነው ያሰብኩት። ያለ ስፖንጅ በዚህ ብቻ የተሳካለት አለ? ማታ ቤታቸው ሆነው መድማት ቢጀምር ነው የሚያስፈራኝ።