ለሩቅ ሙሽሮች የምንልከው የመዘምራን ቪዲዮ፦ ምን እንበል?

የደብረ ብርሃኗ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ከበሮ መቺ የነበረው ወንድማችን በዳግም ትንሣኤ ሚኒሶታ ውስጥ በተክሊል ያገባል። አዳራሽ ላይ የሚታይ የ3 ደቂቃ የምርቃት ቪዲዮ ልንልክ ነው። ሙሽራዋን አናውቃትም። ንግግሩ እንዴት ይሁን? አሁን በጾሙ ቀርጸን ብንጨርስስ?

መዘምር ከጎንደር፦ እህቴ፣ በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም። ለከበሮ መቺ ሰርግ ደግሞ ያለ ከበሮ አይሆንም። ንግግሩን አሁን ጻፉና አጥኑት፤ ቀረጻው ከፋሲካ ማግስት ይሁን። አንድ ሳምንት አላችሁ፣ በቂ ነው።

አጀማመሩን ወቅቱ ራሱ ይሰጣችኋል። አንዱ ጮክ ብሎ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይበል። ከዚያ ሁላችሁም ዝም በሉ፣ አምስት ሰከንድ ያህል። አዳራሹ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይመልስላችኋል። እናንተው ከመለሳችሁት ግን እንግዳው ተመልካች ብቻ ሆኖ ይቀራል። «አሠሮ ለሰይጣን» ሲባልም እንደዚያው ቆይታ ይኑር፣ እስከ «ፍሥሐ ወሰላም» ድረስ።

ቀጥሎ ሙሽራዋን አናግሯት፦

«እህታችን፣ በአካል አንተዋወቅም። ባለቤትሽ ግን በዚህ ዐውደ ምሕረት ከበሮ ይዞ ያደገ ወንድማችን ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንቺም የዚህ ቤት ልጅ ነሽ። በቃና ዘገሊላ ሰርግ የተገኘ ጌታ በቤታችሁ አይታጣ። ልጆቻችሁ በማዕዳችሁ ዙሪያ እንደ ወይራ ቡቃያ ይሁኑ።»

ከዚያ አንድ አጭር መዝሙር፣ እልልታ፣ አለቀ። «እንባርካችኋለን» አትበሉ። መባረክ የካህን ነው፤ የእናንተ «ይባርክላችሁ» ነው።

የሰርግ ቀራጭ፦ ስልኩን አግድም ያዙ፣ ካልሆነ በፕሮጀክተር ሲታይ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። ለድምፁ ከበሮውን ከፊት አስቀምጡት፣ እንዲደምቅ። ሲያልቅ በዋትሳፕ መላክ ነው።

ሰላም ከሐዋሳ፦ አግድሙ ልክ ነው ወንድሜ፣ ከበሮው ግን አይደለም። የስልክ ማይክ ፊቱ የተመታ ከበሮ አይችልም፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ግጥሙም አይሰማም። ከበሮው ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ ይሁን፣ ተናጋሪው ግን ስልኩ አጠገብ ይቁም። ከቀረጻው በፊት ግማሽ ደቂቃ ሞክሩና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ዋትሳፕም እንደ ተራ ቪዲዮ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል። በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት።

እናት ከዱባይ፦ ልጆቼ፣ የእኛ ልጅ ስታገባ እንደዚሁ በቀጥታ ልንገባ ብለን ኔትወርኩ እምቢ አለን። የሰዓቱን ልዩነት አትርሱ፤ እዚያ ቀን ሲሆን እናንተ ዘንድ ሌሊት ነው።

የደብረ ብርሃኗ፦ እማማ፣ በቀጥታ አይደለም፣ ቀድመን ነው የምንልከው። ሁላችሁም ተባረኩልን። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የደብሩ አባታችን ቡራኬ ለመስጠት ፈቅደዋል። መጀመሪያ ይግቡ ወይስ መጨረሻ?

መዘምር ከጎንደር፦ መጨረሻ። ከእሳቸው በኋላ ሌላ ቃል አይጨመር።

ሰላም ከሐዋሳ፦ እኛ ጋ አባት ናቸው የሚከፍቱት። እሳቸውን ብትጠይቂያቸው ይሻላል።