ክሮማቶግራሜ መሃል ላይ ድርብርብ ሆነብኝ፣ ናሙናው ተበላሽቷል?

ማሂ፦ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የሳንገር ውጤቴ ዛሬ ደረሰ። መጀመሪያው ትንሽ የተዘበራረቀ ነው፣ ከዚያ ጥርት ይላል። 240 አካባቢ ሲደርስ ግን በአንድ ቦታ ሁለት ሁለት ፒክ መጣ። እስከ መጨረሻው እንደዚያው ነው፣ ጽሑፉም N በ N ሆኗል። ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ ማሳየት አለብኝ። ናሙናው ተበክሏል ማለት ነው? ከ240 በኋላ ያለውን ቆርጬ ልጣለው?

ናቲ፦ የፒሲአር ምርቱን በደንብ አላጸዳሽውም። የተረፈ ፕራይመር ሲኖር እንዲህ ይሆናል። እንደገና አጽድተሽ ላኪው፣ ይስተካከላል።

ሄኖክ፦ ማሂ፣ መጀመሪያ የ .seq ጽሑፉን ተይውና .ab1 ፋይሉን ክፈቺ። ጽሑፉ የማሽኑ ግምት ነው፣ ማስረጃው ስዕሉ ነው። ጤነኛ ፒክ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከጎረቤቱ ጋር እኩል ርቀት አለው፣ ከሥሩ ሌላ ቀለም አይታይም። የመጀመሪያዎቹ 30 ወይም 40 ቤዞች መዘበራረቃቸው የተለመደ ስለሆነ አያስደንግጥሽ። ከ700 ወይም 800 በኋላ ደግሞ ፒኮቹ እየሰፉ፣ እያጠሩ፣ እርስ በርስ እየተደገፉ ይሄዳሉ። ያ የማሽኑ አቅም ሲያልቅ የሚመጣ ነው። የጥራት ቁጥሩንም እዪ፦ 20 ማለት ከ100 ንባብ አንዱ ሊሳሳት ይችላል፣ 30 ማለት ከ1000 አንዱ።

ማሂ፦ ሄኖክ አመሰግናለሁ፣ ግን የእኔ ችግር ጫፉ ላይ አይደለም። 240 ላይ በድንገት ነው የጀመረው። ፒኮቹ አልሰፉም፣ ቀጭንና ረጃጅም ናቸው። ሁለት ሁለት መሆናቸው ነው ችግሩ።

ሳሚ፦ እኔም ላይ ደርሷል! ፕላዝሚድ ልኬ ነበር። የቬክተሩ ክፍል እንደ መስታወት የጠራ፣ ልክ ጂኑ የገባበት ቦታ ስደርስ ድርብርብ። ለካ ከሳህኑ ላይ ሁለት የባክቴሪያ ኮሎኒ አንድ ላይ አንስቻለሁ። ቬክተሩ የሁለቱም አንድ ስለሆነ መጀመሪያው ጠራ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት የተለያየ ጂን ተነበበ። እንደገና አንድ ብቻዋን የቆመች ኮሎኒ አንሺ።

ማሂ፦ ሳሚ፣ የእኔ ፕላዝሚድ አይደለም። ከቅጠል ያወጣሁት ዲኤንኤ ነው፣ የፒሲአሩን ምርት በቀጥታ ነው የላክሁት። ሳልጽፈው ረስቼ ነው። ጄል ላይ አንድ ባንድ ብቻ ነው ያለኝ፣ 620 አካባቢ።

ሩት፦ ማሂ፣ «ተበክሏል» የሚለውን ከየት አመጣሽው? የሌላ ናሙና ዲኤንኤ ገብቶ ቢሆን ልዩነቶቹ እዚህም እዚያም በተበተኑ ነበር። 240 ቤዝ ሙሉ ጠርቶ በአንድ ነጥብ የሚጀምር ብክለት ግራ ያጋባኛል።

ናቲ፦ አንድ ባንድ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። አሁንም እላለሁ፣ አጽድተሽ ላኪው።

ጋሽ መኮንን፦ ልጄ ማሂ፣ ተረጋጊ። ናቲ የተናገረው ችግር በእርግጥ አለ። ነገር ግን ሁለቱም የፒሲአር ፕራይመሮች ተርፈው ቢሆን ኖሮ ድርብርቡ ከመጀመሪያው ቤዝ ይጀምር ነበር፣ ምክንያቱም ከሁለቱም ጫፍ ይነበባል። ፕራይመሩ ሁለት የማይመሳሰሉ ቦታዎች ላይ ቢያርፍም እንደዚሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ድርብርቡ የት ጀመረ?» ነው።

በድንገት መሃል ላይ ከጀመረና ፒኮቹ ቅርጻቸውን ካልለቀቁ፣ አንዱ ቅጂ ከሌላው ጥቂት ቤዝ የጎደለው ወይም የተረፈው ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ቦታ ሁለቱ እኩል ይራመዳሉ። ከዚያ አንዱ አንድ ሁለት እርምጃ ይቀድማል፣ ከዚያም በኋላ አይገጣጠሙም።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። ከ240 በፊት የA ወይም የT ረጅም ተከታታይ አለ? ስምንት ዘጠኝ ያህል? ካለ ኢንዛይሙ እዚያ ላይ ተንሸራቶ ይሆናል። ያኔ የሚታየው አንድ ዋና ፒክ ሆኖ ግራና ቀኙ ትናንሽ ጥላዎች ይከተሉታል። ሁለተኛው፣ በሌላኛው ፕራይመር የተነበበው ፋይል የት አለ?

ማሂ፦ ጋሽ መኮንን፣ እርስዎ ባይጠይቁኝ ልብ አልለውም ነበር። ተከታታይ የለም፣ ከ240 በፊት የሚታየው GGATCA ነው። የሌላው ፕራይመር ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ነበር፣ አልከፈትኩትም ነበር። አሁን ከፈትኩት። እሱም መጀመሪያው ይዘበራረቃል፣ ከዚያ ጥርት ብሎ ይሄድና 338 ላይ ይበላሻል!

ጋሽ መኮንን፦ በጣም ጥሩ። አሁን ደምሪው። ባንድሽ 620 ነው፣ ሁለቱ ፕራይመሮች 20፣ 20 ከሆኑ በመካከላቸው 580 ቤዝ ይቀራል። ከዚህ በኩል 240 ጠራ፣ ከዚያ በኩል 338፣ ድምሩ 578። የቀረው 2 ቤዝ ነው። የማሽኑ ቆጠራ መነሻ ላይ በጥቂት ሊሳሳት ስለሚችል ቁጥሩን በፒኮቹ እናረጋግጠው። ከ241 ጀምሮ ያሉትን አስር ድርብ ፒኮች ጻፊልኝ፣ ሁለቱንም ቀለም።

ማሂ፦ C/G፣ T/A፣ G/A፣ A/G፣ A/T፣ G/C፣ T/C፣ C/A፣ C/T፣ A/G። ከመረጃ ቋት ያወረድኩት ማጣቀሻ ደግሞ ከ241 ጀምሮ CTGAAGTCCATG ነው።

ጋሽ መኮንን፦ ማጣቀሻውን ከላይ አስቀምጪ። ከየድርቡ እሱን ስትቀንሺ የሚቀረውን ከሥር ጻፊ።

```
ቦታ 241 ላይ የሚጀምር
ማጣቀሻ : C T G A A G T C C A T G
የቀረው  : G A A G T C C A T G
```

የታችኛውን እዪው። የላይኛው ራሱ ነው፣ CT ብቻ ጎደለው። ስለዚህ ናሙናሽ ውስጥ ሁለት ቅጂ አለ፣ አንደኛው 2 ቤዝ ያጠረ። ንባቡ ትክክል ነው። ቆርጠሽ አትጣዪ! ከፊት በኩል እስከ 240፣ ከኋላ በኩል ከCT ቀጥሎ እስካለው G ድረስ የጠራውን አገናኚና አጭሩን ቅጂ ታገኛለሽ፣ መካከሉ ላይ CT ስትጨምሪ ደግሞ ረጅሙን። ነገ ለአማካሪሽ ሁለቱን ስዕል ጎን ለጎን አሳዪአቸው።

ሳሚ፦ ያን ጊዜ የእኔንም እንዲህ ቀንሼ ባየው ኖሮ ሁለቱን ጂኖች ለይቼ አውቃቸው ነበር። ወርውሬው ነበር።

ሄኖክ፦ በእጅ መቀነስ ያታከተው Poly Peak Parser የሚባለውን ይሞክር። የ .ab1 ፋይሉንና ማጣቀሻውን ሲሰጡት ሁለቱን ይነጥላል። መነሻው ላይ ያለውን ዝብርቅርቅ ግን አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ አለበለዚያ ያሳስተዋል።

ሩት፦ ጋሽ መኮንን፣ በስሌቱ እስማማለሁ። ግን ሁለቱ ቅጂዎች የአንድ ጂን ሁለት አሌል መሆናቸውን እንዴት አወቅን? ዕፅዋት ላይ የተባዛ ጂን ብዙ ነው። ፕራይመሩ ሁለት ተመሳሳይ ጂኖችን አብሮ ቢያበዛስ?

ጋሽ መኮንን፦ ልክ ነሽ፣ ከዚህ ስዕል አይታወቅም። የፒክ ቁመትም አይፈርድም፣ ቁመቱ ከፊቱ ባለው ቤዝ ሳይቀር ይለዋወጣል። የሚረዳው ሌሎች ተክሎችን ማየት ነው። ሁሉም ላይ ያው ድርብርብ ከመጣ የተባዛ ጂን ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አንዳንዱ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከጠራ ግን ወደ አሌሉ አዘነብላለሁ። ማሂ፣ ስንት ተክል ነበር የላክሽው?

ናቲ፦ እሺ፣ ከየት እንደሚጀምር ማየቱን አላሰብኩትም ነበር። ግን ሲላክ ማጽዳቱን አትርሺ።

ሩት፦ ማሂ? ስንት ተክል ነበር?