ማህተሙን አጥፋልኝ ያለው ደንበኛ፦ ከጅማ የተነሳ ክርክር

ባነር ቤት አጂፕ፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ ደንበኛ ካፌ ሊከፍት ነው። ከቴሌግራም ያወረደውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶ አመጣልኝ። ጥጉ ላይ የፎቶ አንሺው ስምና ስልክ አለበት። «እሱን አጥፋና የኔን ሎጎ አድርግበት» አለኝ። ባነሩ ሦስት በአራት ሜትር ነው፣ ደህና ብር አለው። ለኔ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ልሥራው ወይስ ይቅርብኝ? ነገር ቢመጣስ የሚጠየቀው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?

የኮቺ ልጅ፦ ሥራው እንጂ! ቤተ መንግሥቱ የሕዝብ ነው። አባ ጅፋር ለፎቶ አንሺው አላወረሱትም። ስልኩን የጻፈበት እኮ ማስታወቂያ ስለፈለገ ነው።

የጅሬን ካሜራ፦ ወንድሜ፣ ቤቱ የሕዝብ ነው፣ ፎቶው ግን የሰው ነው። ያን ቤት ለማንሳት እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ጅሬን ወጥቻለሁ። ሁለቱን ቀን ጉም ሸፍኖት ባዶ እጄን ነው የወረድኩት። በሦስተኛው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ሰገነቱ ላይ አረፈችና አገኘሁት። ወጥተህ የራስህን ብታነሳ ማንም ቃል አይናገርህም። የኔን ወስደህ ስሜን ብትፍቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከድር ቡና፦ ቆይ፣ ፎቶው የት ተመዝግቧል? በሕግ መብት የሚኖርህ ስታስመዘግብ ነው። እኛ የቡናችንን ምልክት አዲስ አበባ ድረስ ሄደን፣ ከፍለን ነው ያስመዘገብነው። ያላስመዘገበ ሰው ምን ብሎ ይከሳል?

ጥብቅና ፈረንጅ አራዳ፦ ኦቦ ከድር፣ ግማሹን ልክ ነዎት። የንግድ ምልክት ላይ ያሉት እውነት ነው። በአዋጅ 501/1998 መሠረት የምልክት ባለቤት የሚያደርግዎት ምዝገባው ነው፣ በየሰባት ዓመቱም ያድሱታል። ፎቶ ግን እንደዚያ አይደለም። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ምዝገባ አይጠይቅም፣ መብቱ ከሥራው ጋር ነው የሚወለደው።

ይልቅ ለፎቶ ብቻ የተጨመረች አንዲት ነገር አለች፣ ብዙ ሰው አያውቃትም። ፎቶው የስብስብ አካል ካልሆነ ወይም መጽሐፍ ውስጥ ካልታተመ ጥበቃ የሚያገኘው የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ከያዘ ነው። እንግዲህ ያ ጥግ ላይ ያለ ጽሑፍ ጌጥ እንዳይመስልህ፣ ባነር ቤት። ሕጉ ፎቶውን የሚያውቅበት መታወቂያው እሱ ነው፤ አንተ ደግሞ ያንኑ አጥፋ ተብለሃል።

የኮቺ ልጅ፦ እንግዲያማ ካጠፋነው ጥበቃው አብሮ ጠፋ ማለት ነው፣ ተገላገልን 😂

ጥብቅና ፈረንጅ አራዳ፦ ቀልድህ ነው፣ ግን እውነት እንደዚያ ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። እኔ አይሠራም ባይ ነኝ። አንሺው ሲያወጣው ስሙ ነበረበት። ሌላ ሰው በኋላ ስለፋቀው አንሺው መብቱን አያጣም። ስም መፋቁ ራሱ ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ሥራው የኔ ነው የማለት መብት የአንሺው የሞራል መብት ነው። ሥራውን ክብሩን በሚነካ መንገድ ማዛባትም እንደዚሁ ነው።

ማን ይጠየቃል ላልከው ደግሞ፣ «ደንበኛው አዘዘኝ» ማለት ብዙ አያዋጣህም። ስሙን በዓይንህ አይተህ፣ በገዛ እጅህ አጥፍተህ፣ አትመህ ሸጠኸዋል። አላወቅኩም የምትልበት ቀዳዳ የት አለ? እሱም ይጠየቃል፣ አንተም ትጠየቃለህ።

የጅሬን ካሜራ፦ እኔ ፎቶዬ ላይ የምጽፈው «ጅሬን ካሜራ» ብቻ ነው። ይሄ ስምና አድራሻ ነው?

ጥብቅና ፈረንጅ አራዳ፦ እዚህ ጋ ነው ችግሩ። የፌስቡክ ስምና የአበባ ሎጎ ብቻ ከሆነ ተከሳሹ «ስም የት አለ፣ አድራሻ የት አለ» ይልሃል። ስልክ አድራሻ ነው አይደለም የሚለውም ሊያከራክር ይችላል። ለምን ትከራከራለህ? ሙሉ ስምህን ከነአባት፣ ጅማ፣ ስልክህን ጻፍ። ጥጉ ላይ ሳይሆን ቆርጠው ሊያወጡት የማይችሉት ቦታ ላይ።

ሙሽሪት 2015፦ እኔስ ታዲያ? ሠርጌን ያነሳው ስቱዲዮ በየፎቶው መሀል ላይ ስሙን አትሞ ሰጠኝ። ከፍዬበታለሁ እኮ! የአክስቴ ልጅ በስልክ አጠፋችልኝና ፍሬም አሠራሁት። አሁን ወንጀለኛ ሆንኩ? ይባስ ብሎ የኔን ፎቶ በር ላይ አንጠልጥሎ ደንበኛ ይጠራበታል።

የኮቺ ልጅ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ የጅማ የመጀመሪያዋ የፎቶሾፕ እስረኛ።

ጥብቅና ፈረንጅ አራዳ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የአንቺ ጉዳይ ከባነሩ ይለያል። በውል አዘሽ ያሠራሽው ሥራ ከሆነና ሌላ ስምምነት ከሌለ ዋናው ባለመብት አንቺ ነሽ። ቤትሽ ግድግዳ ላይ ብትሰቅዪው ማን ይነካሻል። ስሙን አጥፍተሽ «እኔ ያነሳሁት» ብለሽ ለመጽሔት ብትሰጪ ነበር ሌላ። በር ላይ ስለሰቀለው ግን አንቺ ነሽ ከሳሽ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 መሠረት የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይለጠፍም። ውሉን ግን መጀመሪያ አንብቢ። አንዳንድ ስቱዲዮ ከጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል አስፈርሞ ይሆናል።

ሙሽሪት 2015፦ ውል? ደረሰኝ እንኳን አልሰጠኝም።

የጅሬን ካሜራ፦ ወደ ባነሩ ልመለስ፣ ሕጉን ተዉትና በሙያ እንየው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ሆኖ ነው የሚደርሰው። አራት ሜትር 400 ሴንቲ ሜትር ነው። 1280ን ለ400 ስታካፍለው በአንድ ሴንቲ ሜትር ሦስት ነጥብ ገደማ ይደርስሃል። ከመንገድ ማዶም ሆነህ ድፍርስርስ ነው የሚልብህ። ኦሪጅናሉ 6000 ከሆነ ግን 15 ነጥብ ይሆናል፣ ለባነር ያምራል። ደንበኛህ ሰርቆም የሚያገኘው ቆሻሻ ነው እያልኩህ ነው።

ሌላው፣ ማህተም የጠፋበት ቦታ ይታወቃል። ክሎን ስታምፕ ሣሩን ከጎኑ ገልብጦ ነው የሚለጥፈው። ባነር ላይ ሲሰፋ ያው አንድ ቁጥቋጦ ሁለት ሦስቴ ተደግሞ ታየዋለህ። አንሺው ደግሞ ማስረጃ አያጣም። ያልተቆረጠው ሰፊ ፋይል እጁ ላይ አለ። ከዚያ ፎቶ በፊትና በኋላ በሰከንድ ልዩነት ያነሳቸውም አሉት። የሰረቀው ሰው ያለው አንዷ ብቻ ናት። እኔ አንዴ አንድ ድርጅት ካላንደር ላይ ፎቶዬን አትሞት አግኝቼ፣ ከግራ በኩል የቆረጠውን ዛፍ ከኦሪጅናሉ ሳሳየው ዝም ብሎ ነው የከፈለኝ።

ከድር ቡና፦ እሺ ፎቶው ገባኝ። ሎጎስ? የሌላ ላኪ የከረጢት ፎቶ አግኝቼ አርማውን አጥፍቼ የራሴን ባደርግበት? ቡናው ያው የሊሙ ቡና ነው።

ጥብቅና ፈረንጅ አራዳ፦ ኧረ ኦቦ ከድር! እዚያ ላይ ሁለት ሰው ነው የሚነኩት፤ ፎቶ አንሺውን፣ ከዚያ ደግሞ ገዢውን። ገዢው ያየው ከረጢት የርስዎ አይደለም። ቡናው አንድ ቢሆንም መጋዘኑ፣ ደረጃው፣ አጠባው የዚያ ሰው ነው። አርማውን ትንሽ ቀይሮ፣ ፊደል ጨምሮ፣ የሚመሳሰል ማድረግም አያድንም። የሚታየው ሸማቹ ይደናገራል ወይ የሚለው ነው።

ከድር ቡና፦ አላደርገውም፣ ጥያቄ ነው። እኔን የሠሩኝ ስላሉ ነው የጠየቅኩት።

የመርካቶ ነርስ፦ እናንተ በሎጎ ትጨቃጨቃላችሁ። ስለ ጽሑፍ ማንም አላነሳም። ሰፈራችን ለታመመ ልጅ እርዳታ ተለምኖ ነበር። የልጁ ፎቶ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያለበት ፖስተር። በሦስተኛው ቀን ያው ፖስተር በሌላ ግሩፕ ዞረ። ፎቶው ያው፣ ታሪኩ ያው፣ የሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ሌላ። ማህተም አልጠፋም፣ ሎጎ አልተነካም። ቁጥሮች ብቻ ናቸው የተቀየሩት። ይሄ ነው የሚያመኝ።

ጥብቅና ፈረንጅ አራዳ፦ ያ የቅጂ መብት ነገር አይደለም እህቴ። ማታለል ነው፣ ሐሰተኛ ማስረጃ መፍጠር ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ 958/2008ም ይይዘዋል። ስክሪንሾቱን ከነቀኑ አስቀምጣችኋል?

የመርካቶ ነርስ፦ አስቀምጠናል። ያወቅነውም በፊደሉ ነው። ቁጥሮቹ ከሌላው ጽሑፍ ትንሽ ወፍረው ነበር፣ ዙሪያቸውም ነጣ ያለ ጥላ ነበረው። አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ በባንኩ መተግበሪያ ቁጥሩን አስገብታ የባለቤቱ ስም ሲወጣ የልጁ አባት ስም አይደለም። ሳትልክ ቀረች። የላኩት ግን ነበሩ።

አስተማሪው፦ እኔ ሌላ ጥያቄ ልጨምር። አንድ የፌስቡክ ገጽ የአባ ጅፋርን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አውጥቶ መሀሉ ላይ የራሱን ትልቅ ማህተም አደረገበት። ንጉሡ ካረፉ ከ90 ዓመት በላይ ሆነ። ገጹ ፎቶውን አላነሳውም። ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ ማህተሙን ባጠፋ ጥፋተኛው ማን ነው?

ጥብቅና ፈረንጅ አራዳ፦ የፎቶ ጥበቃ ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። እሱ ድሮ አልፏል። ማህተም መለጠፍ አዲስ ባለቤት አያደርግም። በኔ እምነት ያጥፉት።

የጅሬን ካሜራ፦ እኔ አልስማማም። ከአንድ ቤተሰብ አልበም ለምኖ፣ ስካን አድርጎ፣ ጭረቱን ሦስት ሌሊት ያጸዳ ሰው ሊሆን ይችላል። ሕጉ ባያውቀውም ድካሙን እኔ አውቀዋለሁ። ንጹሑን ፋይል ስጠኝ ቢሉት ምን ይጎዳል?

አስተማሪው፦ ጠይቄው ነበር። ብር ጠየቀኝ። ለመማሪያ ክፍል!

ከድር ቡና፦ ያ ከሆነ ያጥፉት 😄

የጅሬን ካሜራ፦ አሁንም አልስማማም።

ባነር ቤት አጂፕ፦ ተመልሻለሁ። ደንበኛው ፊት ፎቶው ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ። አንሺው ልጅ ጨዋ ነው፣ ትልቁን ፋይል ሊሸጥልን ተስማማ፣ ስሙ ግን ከታች በትንሹ ይቅር አለ። ዋጋው ከባነሩ ሒሳብ ሩቡን አይሞላም። ደንበኛዬ ተቆጥቶ «ለፎቶ ብር አልከፍልም» ብሎ ወጣ። ዛሬ ጠዋት ካፌው በር ላይ ሌላ ቤት የሠራው ባነር ተሰቅሏል። ያው ፎቶ ነው። ቀኝ ጥጉ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥቋጦ አራት ጊዜ ቆጠርኩ።

የጅሬን ካሜራ፦ አንሳና ለልጁ ላክለት። እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዳይጠፋ።